ጊዜ ስትጠይቁ ቀን ስጡ

ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ምዕራፍ 4 ረቂቅ ለአማካሪዋ ልታስረክብ የተስማማችው ለዓርብ፣ ሚያዝያ 16 ነው። ጥናቷ በ4 ጤና ጣቢያዎች የተሰበሰበ 240 መጠይቅ አለው። 180ዎቹ ኮምፒውተር ውስጥ ገብተዋል። የቀሩት 60ዎቹ ግን የተሞሉት ገና ባለፈው ዓርብ ነው፤ የአንዱ ጤና ጣቢያ የፈቃድ ደብዳቤ 3 ሳምንት ዘግይቶ ስለደረሰ። ዓርብ እንደማትደርስ አሁን አውቃለች። ስለዚህ ቁጭ ብላ ደብዳቤ ትጀምራለች።

ተማሪዋን ለምሳሌ ያህል የፈጠርናት ናት፤ ደብዳቤዋን ግን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለተከበሩ አማካሪዬ፤ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ባጋጠሙኝ ልዩ ልዩ ችግሮችና ከአቅም በላይ በሆኑ ምክንያቶች የተነሣ ሥራዬን በተባለው ጊዜ ማጠናቀቅ ስላልቻልኩ፣ ትንሽ ጊዜ እንዲሰጡኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እንደተለመደው ትብብርዎ እንዳይለየኝ።»

ይህ ደብዳቤ ጨዋ ነው፤ የሰዋስው ስሕተትም የለበትም። ነገር ግን አማካሪው አንብበው ሲጨርሱ ሊወስኑበት የሚችሉት ነገር አያገኙም። «ትንሽ ጊዜ» 3 ቀን ይሁን 3 ሳምንት አይታወቅም። ችግሩ አልፎ እንደሆነ ወይም ገና እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ አማካሪው ሁለት ምርጫ አላቸው፤ «እስከ መቼ?» ብለው መልሰው መጻፍ፣ ወይም ደብዳቤውን ወደ ጎን ማስቀመጥ። ሥራ የሚበዛበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ተማሪዋም መልስ ሳታገኝ ዓርብ ይደርስባታል።

የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ልብ ያለው በምክንያቱ ውስጥ አይደለም፤ በአዲሱ ቀን ውስጥ ነው። አማካሪው የሚያራዝሙት የራሳቸውንም ቀን ነው። ረቂቁ ሲዘገይ እሳቸው ሊያነቡበት ያሰቡት ሳምንት አብሮ ይሸሻል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ደብዳቤ መጻፍ ሳይሆን ቀን መቁጠር ነው። ቆጠራውም ሁለት ነው፤ አንዱ ከዛሬ ወደ ፊት፣ ሌላው ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ።

ወደ ፊት መቁጠር

ተማሪዋ የቀረውን ሥራ በቀን ትከፋፍለው። በቀን 15 መጠይቅ ማስገባት እንደምትችል ካለፉት 180ዎቹ ታውቃለች። 60ውን ለማስገባት 4 ቀን ያስፈልጋታል ማለት ነው። የገባውን መረጃ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራ ስሕተት ለማረም 2 ቀን፣ ትንተናውን ሠርታ ሠንጠረዦቹን ለማውጣት 2 ቀን፣ ምዕራፉን ጽፋ ለመጨረስ 2 ቀን። ድምሩ 10 የሥራ ቀን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 10 ቀን ስለሚል 12 ላይ 10 ይደምርና «ሚያዝያ 22» ብሎ ይጽፋል። ወይም ደግሞ ለአፍ ስለሚቀል «አንድ ሳምንት» ይላል። ከዓርብ ሚያዝያ 16 ላይ አንድ ሳምንት ሲጨመር ሚያዝያ 23 ይመጣል፤ ያ ቀን የዓለም የሠራተኞች ቀን ነው፣ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ቀን መቁጠሪያውን ሳይመለከት ቀን የሰጠ ሰው ቃሉን የሚያፈርሰው ገና ሲሰጥ ነው።

ቀን መቁጠሪያውን ገልጣ ስትቆጥር ግን እንዲህ ይሆናል። መጠይቁን ከማክሰኞ ሚያዝያ 13 እስከ ዓርብ ሚያዝያ 16 ታስገባለች። ሰኞና ማክሰኞ፣ 19 እና 20፣ ታመሳክራለች። ረቡዕና ሐሙስ፣ 21 እና 22፣ ትተነትናለች። ዓርብ 23 በዓል ነው። ሰኞ 26 መጻፍ ትጀምራለች። ማክሰኞ 27 የአርበኞች የድል ቀን ነው፤ እሱም ዝግ ነው። ረቡዕ 28 ጽፋ ትጨርሳለች። አንድ ቀን ለድንገተኛ ነገር ትታ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 29 ማስረከብ ትችላለች።

በበዓልና በቅዳሜ መሥራት ትችል የለም ወይ? ትችላለች። ነገር ግን እነዚያን ቀናት ገና ከጅምሩ በሥራ ብትሞላቸው፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ልጅ ሲታመም የምትወስድበት ቦታ አይኖራትም። በዚህ ቆጠራ ውስጥ ሁለት ቅዳሜና እሑድ፣ ሁለት በዓልና አንድ ሐሙስ መጠባበቂያ ሆነው ቀርተዋል። አማካሪዋ ይህን ዝርዝር ማየት አያስፈልጋቸውም፤ ቀኑ ግን የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ወደ ኋላ መቁጠር

ሁለተኛው ቆጠራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ተማሪዋ ሐሙስ 29 መድረስ መቻሏ ብቻ አይበቃም። ቀኑ ለቀጣዩ ሰው ሥራ የሚተርፍ መሆን አለበት።

ትምህርት ክፍሉ ሙሉውን ጽሑፍ የሚቀበልበት የመጨረሻ ቀን ዓርብ ግንቦት 21 ነው እንበል። አማካሪዋ አንድ ምዕራፍ ለማንበብና አስተያየት ለመጻፍ 2 ሳምንት እንደሚወስዱ ቀደም ሲል ነግረዋታል። እሷ ደግሞ አስተያየቱን ተቀብላ ለማረም አንድ ሳምንት ትፈልጋለች። ከግንቦት 21 አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ግንቦት 14 ነው። ከግንቦት 14 ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ሚያዝያ 30 ነው። ስለዚህ ረቂቁ አማካሪዋ ጋ መድረስ ያለበት ቢዘገይ ቢዘገይ ዓርብ ሚያዝያ 30 ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሚጎዳው የአማካሪው ንባብ ወይም የራሷ እርማት ነው።

ወደ ፊት ስትቆጥር 29 አገኘች፤ ወደ ኋላ ስትቆጥር 30። ሁለቱ ቆጠራዎች ተገናኙ፤ ሐሙስ ሚያዝያ 29 ልትጠይቀው የምትችለው ቀን ነው። የመጨረሻውን ቀን 30ን ያልጠየቀችበትም ምክንያት አላት። የእርማቱ ሳምንት ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው፤ የአረፋ በዓል በጨረቃ ስለሚወሰን በዚያው አካባቢ ሊውል ይችላል፤ አንድ ቀን ማትረፍ ያስፈልጋታል።

ሁለቱ ቆጠራዎች ባይገናኙስ? ወደ ፊት ሲቆጠር ግንቦት 8 ቢመጣ፣ ወደ ኋላ ሲቆጠር ግን 30 ሚያዝያ ቢሆን፣ ከአማካሪው ጊዜ በመለመን ብቻ የሚፈታ ችግር አይደለም። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ ወይ ሥራው ይቀነሳል፣ ወይ ምዕራፉ በሁለት ይከፈላል፣ ወይ ጉዳዩ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። አማካሪ የረቂቅን ቀን ማዛወር ይችላል፤ የትምህርት ክፍሉን ቀን ግን ብቻውን ማዛወር አይችልም። የተሳሳተው ሰው ጋ የሚቀርብ ጥያቄ በጎ ፈቃድ ቢያገኝም እንኳ ቀኑን አያንቀሳቅሰውም።

ምክንያቱ ለምን አጭር ይሆናል?

ቀኑ በቆጠራ ከተገኘ በኋላ የምክንያቱ ሥራ ቀላል ይሆናል። ምክንያት የሚጻፈው ለማሳዘን አይደለም፤ አዲሱ ቀን ለምን ያን ያህል እንደራቀና ለምን አሁን እንደሚያስተማምን ለማሳየት ነው። ለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ምን እንደዘገየ፣ ችግሩ አሁን ማለፉን። «የአንዱ ጤና ጣቢያ የፈቃድ ደብዳቤ 3 ሳምንት ስለዘገየ፣ 60 መጠይቆች የተሰበሰቡት ባለፈው ዓርብ ነው። አሁን ሁሉም እጄ ላይ ናቸው።» ይህን ያነበበ ሰው ሌላ አይጠይቅም።

«ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ምን እንደተከሰተ ይሸፍናል እንጂ አይገልጽም። «የሥራ መደራረብ»ም እንደዚሁ ነው፤ አንባቢውም ሥራ የተደራረበበት ሰው ነውና። ምክንያቱ ሲረዝም ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ደብዳቤውን ያገኘሁት በዚህ ቀን፣ ኃላፊው አልነበሩም፣ ጸሐፊዋ ነገ ነይ አለችኝ፣ ትራንስፖርት ጠፋ እየተባለ ሲዘረዘር፣ አንባቢው ሳይፈልግ እያንዳንዱን መመዘን ይጀምራል፤ ዓይኑም ከቀኑ ላይ ይነሣል።

ሕመምና ሐዘን ሲሆን ዝርዝሩ ይበልጥ ይጠር። «ባለፈው ሳምንት ታምሜ ተኝቼ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ወደ ሥራ ተመልሻለሁ» ማለት ይበቃል። የሕመሙን ዓይነት መግለጽ ግዴታ አይደለም። የሐኪም ማስረጃ ካስፈለገ አማካሪው ወይም ትምህርት ክፍሉ ይጠይቃል። በቤተሰብ ሐዘን ላይ ያለ ሰውም የለቅሶውን ታሪክ እንዲጽፍ አይጠበቅበትም፤ ስንት ቀን ከሥራ እንደራቀና መቼ እንደተመለሰ ከነገረ በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን አይፈቀድም፤ የሌለ ምክንያት መፍጠር። ተማሪዋ በራሷ ስንፍና ዘግይታ ቢሆን ኖሮ፣ «ለማስገባት የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሼ ገምቼ ነበር» ማለት ትችል ነበር። ይህ እውነተኛና አጭር ምክንያት ነው። አዲሱን ቀን ይበልጥ የሚታመን ያደርገዋል፤ ግምቷን እንዳስተካከለች ይናገራልና።

መቼ ይጠየቅ?

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ተማሪዋ የምትጽፈው እንደማትደርስ ባወቀችበት ቀን ነው፤ ሰኞ። ሐሙስ ማታ ብትጽፍ ያው ምክንያትና ያው ቀን ይሆናል፤ አማካሪዋ ግን ዓርብና ቅዳሜን ለእሷ ረቂቅ ለይተው፣ ሌላ ተማሪ መልሰው ሊሆን ይችላል። ሰኞ ሲነገራቸው ያን ጊዜ ለሌላ ሥራ ማዋል ይችላሉ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ጥያቄማ ማራዘሚያ መጠየቅ ሳይሆን ስለ መዘግየት ማስረዳት ነው፤ የሚጻፈውም በይቅርታ ነው።

ቀኑ ሲጻፍ

በሁለት የዘመን አቆጣጠር የምንኖር ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ቀን ሲጻፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተማሪዋ «29/8/2018» ብላ ብትጽፍ፣ ለእሷ ሚያዝያ 29 ነው፤ ስምንተኛው ወር ሚያዝያ ስለሆነ። በፈረንጅ አቆጣጠር የለመደ አንባቢ ግን ኦገስት 29 ብሎ ያነበዋል። ወሩ በስሙ፣ የሳምንቱ ቀንም አብሮ ቢጻፍ ስሕተቱ አይኖርም፤ «ሐሙስ ሚያዝያ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2026)»። የሳምንቱ ቀን እንደ መቆጣጠሪያ ያገለግላል፤ አንዱ ቁጥር ከተሳሳተ ሐሙስ የሚለው ቃል ስሕተቱን ያሳብቃል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «እስከ 6 ሰዓት» ሲባል ቀትር ነው ወይስ እኩለ ሌሊት? «ከቀኑ 6 ሰዓት» ወይም «ከሌሊቱ 6 ሰዓት» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ውጭ አገር ካለ አስተማሪ ወይም አሳታሚ ጋር የሚሠራ ሰው ደግሞ የማን ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። በሜይ ወር ዋሺንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ይሆናል። ስለዚህ በሜይ የዋሺንግተን ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ማለት አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት ነው። «ዓርብ ማታ» ብሎ መተው ለአንዱ ዓርብ ለሌላው ቅዳሜ ሊሆን ይችላል።

ደብዳቤው

አሁን ሁሉም ተሟልቷል። ተማሪዋ የመጀመሪያውን ወረቀት ትታ እንደገና ትጽፋለች፦

«ቀን፦ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የምዕራፍ 4 ረቂቅ ማስረከቢያ ከሚያዝያ 16 ወደ ሚያዝያ 29 እንዲዛወርልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤

የምዕራፍ 4 ረቂቅን ዓርብ ሚያዝያ 16 ላስረክብዎ ተስማምተን ነበር። ማስረከቢያው ወደ ሐሙስ ሚያዝያ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2026) ከቀኑ 6 ሰዓት እንዲዛወርልኝ እጠይቃለሁ።

የአንዱ ጤና ጣቢያ የፈቃድ ደብዳቤ 3 ሳምንት ስለዘገየ 60 መጠይቆች የተሰበሰቡት ባለፈው ዓርብ ነው። አሁን ሁሉም እጄ ላይ ናቸው፤ የሌሎቹ 180 መጠይቆች መረጃ ገብቶ አልቋል።

በአዲሱ ቀን ካስረከብኩ ለእርስዎ ንባብ 2 ሳምንት ይተርፋል፤ ለትምህርት ክፍሉ የማስረክብበት ግንቦት 21ም አይነካም። ከፈለጉ የምዕራፉን መግቢያና የሠንጠረዦቹን ባዶ ቅርጽ በመጀመሪያው ቀን፣ ዓርብ 16፣ ልልክልዎ እችላለሁ።

ውሳኔዎን እስከ ረቡዕ ሚያዝያ 14 ቢያሳውቁኝ ሥራዬን በዚያው መሠረት አስተካክላለሁ። አመሰግናለሁ።»

ጥያቄው ከምክንያቱ ቀድሞ እንደመጣ ልብ በሉ። ርእሱን ብቻ ያየ ሰው ምን እንደተጠየቀ ከነቀኑ ያውቃል። አማካሪው «እሺ፣ 29 ይሁን» ብለው በሁለት ቃል ሊመልሱ ይችላሉ።

የባዶ ሠንጠረዦቹም ነገር ታስቦበት የተጻፈ ነው። ተማሪዋ በ180 መጠይቅ የወጣ ውጤት አስቀድማ ልላክ ማለት ትችል ነበር። ነገር ግን 60ዎቹ ሲጨመሩ እያንዳንዱ መቶኛ ይለወጣል፤ አማካሪዋም አንድ ጊዜ ያነበቡትን እንደገና ያነባሉ። አስቀድሞ የሚላክ ክፍል ካለ ኋላ የማይለወጥ ክፍል ሊሆን ይገባል። መግቢያውና የሠንጠረዡ ቅርጽ አይለወጡም።

ከመልሱ በኋላ

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ጉዳይ በስልክ ወይም በኮሪደር እንጨርሳለን። ችግር የለውም፤ ግን በዚያው ቀን አንድ መስመር በጽሑፍ ይከተል፤ «ዶክተር፣ ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው ረቂቁን ሐሙስ ሚያዝያ 29 አስረክባለሁ፤ አመሰግናለሁ»። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱ 29 ሌላው 26 ብሎ ቢያስታውስ፣ መመለሻ ይሆናል።

አማካሪው ሌላ ቀን ቢሰጡስ? «29 ይርቅብኛል፤ 26 አድርጊው» ቢሉ፣ ደስ ብሏት ወዲያው «እሺ» ማለት የለባትም። እንደገና ትቁጠር። እስከ 26 ድረስ ያሉት የሥራ ቀናት ትንተናውን ለመጨረስ እንጂ ምዕራፉን ጽፎ ለመጨረስ አይበቁም። እውነተኛው መልስ «በ26 ሠንጠረዦቹን ከነትንተናቸው፣ በ29 ሙሉውን ጽሑፍ ላስረክብ» የሚል ነው።

ዝም ቢሉስ? ዝምታ ፈቃድ አይደለም። መልስ እስካልመጣ ድረስ የመጀመሪያው ቀን፣ ዓርብ 16፣ እንደጸና ነው። ረቡዕ ማታ አንድ ጊዜ መደወል፣ ካልተገኙም ዓርብ ያለውን ክፍል መላክና ቀሪው በ29 እንደሚደርስ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ዘግይታለች የሚላት ቢኖር፣ ምን እንደላከችና ምን ቀን እንደሰጠች በጽሑፍ አለ።

መጨረሻ ላይ፣ የተራዘመው ቀንም ሊያመልጥ ይችላል። ሰኞ 26 ጠዋት ትንተናው ገና ካላለቀ፣ ሐሙስ እንደማትደርስ ያን ዕለት ታውቃለች፤ ያን ዕለትም ትጻፍ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው በአንድ ነገር ይለያል፤ የመጀመሪያው ቆጠራ የት ላይ እንደተሳሳተ መናገር አለበት። «መረጃውን ማመሳከር 2 ቀን ይወስዳል ብዬ ነበር፤ 4 ቀን ወሰደ» ካለች፣ አማካሪዋ አዲሱን ቀን የሚመዝኑበት ነገር ያገኛሉ። ይህ ከሌለ ሁለተኛው ቀን እንደ መጀመሪያው ባዶ ቃል ነው የሚሆነው፤ ሦስተኛ ቢመጣም ማንም አይቆጥርበትም።

ሐሙስ ሚያዝያ 29፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሆን ረቂቁ ከደረሰ ግን፣ አማካሪዋ ቀን መቁጠሪያቸው ላይ ለንባብ ያስቀመጡት ዓርብ ባለበት ይገኛል። ያ ዓርብ ነበር ከመጀመሪያው የተጠየቀው።